የሽፋን ፎቶ በነጥብ ሲመረጥ

ለመጽሔት ሽፋን ፎቶ የሚመርጡ ሰዎች ጠረጴዛ ሲከብቡ ክርክሩ ቶሎ አይቋጭም። አንዱ ቀለሙን ያደንቃል፣ ሌላው ሰውየው ፊት ላይ ያለው ስሜት ይማርከዋል፣ ዲዛይነሩ ደግሞ ርዕሱን የት እንደሚያሳርፍ ያስባል። ሁሉም እውነት አላቸው። የሚለያዩት ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው በሚለው ላይ ነው። መስፈርቶችን ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ እንደየአስፈላጊነቱ ክብደት የሚሰጥ ሠንጠረዥ ይህን ልዩነት ወረቀት ላይ ያወጣዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1772 ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ፣ ውሳኔ ሲቸግረው ወረቀት ለሁለት ከፍሎ ደጋፊና ተቃዋሚ ምክንያቶችን እንደሚጽፍና ክብደታቸው የተመጣጠነውን እያስተያየ እንደሚሰርዝ ነግሮታል።

የእትሙ ዋና ጽሑፍ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስለሚሠሩ ሴቶች ነው እንበል። ሦስት ፎቶዎች ቀርበዋል። «ሀ» ጀበና አጠገብ ተቀምጠው ፈገግ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። «ለ» ማድረቂያ አልጋ ዙሪያ ቆመው ብልሹውን ቡና የሚለዩ ሴቶች ናቸው። «ሐ» ጣቢያውን ከኮረብታ ላይ ያሳያል።

ክብደቱ የሚከፋፈለው ፎቶዎቹ ከመታየታቸው በፊት መሆን አለበት። አንዴ የወደዱትን ካዩ በኋላ ክብደት ማውጣት የወደዱትን ለማስመረጥ ቁጥር መፈለግ ይሆናል። እዚህ 100ውን እንዲህ አከፋፍለነዋል፤ ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ነው።

| መስፈርት | ክብደት | ሀ | ለ | ሐ |
|---|---|---|---|---|
| ከጽሑፉ ጋር መስማማቱ | 40 | 3 | 5 | 4 |
| የሰው ስሜት | 30 | 5 | 4 | 2 |
| ለርዕስ የሚሆን ቦታ | 20 | 4 | 3 | 5 |
| ቀለም | 10 | 5 | 3 | 4 |

ነጥቦቹን እንዲሁ ብንደምር «ሀ» 17 አግኝቶ ይመራል፤ ሁለቱ እኩል 15 ናቸው። እያንዳንዱን ነጥብ በክብደቱ አባዝተን ስንደምር ግን «ለ» 410፣ «ሀ» 400፣ «ሐ» 360 ይሆናሉ። ብዙም ያልተጨነቅንበት ቀለም «ሀ»ን ወደ ላይ ይገፋው እንደነበር አሁን ይታያል።

ነጥብ ሲሰጥ አንድ ፎቶ ይዞ አራቱንም መስፈርት መሙላት አይመከርም፤ ያማረን ፎቶ በሁሉም ከፍ የማድረግ ዝንባሌ አለና። ይልቅ አንድ መስፈርት ይዞ ሦስቱንም ፎቶ ጎን ለጎን ማወዳደር ይሻላል። እንዲህ ሲደረግ ሌላ ስውር ችግርም ይገለጣል። በአንድ መስፈርት ሁሉም ፎቶዎች 4 ካገኙ፣ ክብደቱ 40 ቢሆንም ያ መስፈርት ማንንም ከማንም አልለየም፤ ውጤቱን በሙሉ ሌሎቹ ወስነውታል ማለት ነው።

በነጥብ የማይታዩ ነገሮችም አሉ። ፎቶ የተነሳው ሰው ፈቃድ ካልሰጠ የቀለሙ ውበት ያንን ሊያካክስ አይችልም። የምስሉ ጥራትም እንዲሁ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ለሚታተም ኤ4 ሽፋን 2480 በ3508 ፒክሰል ያስፈልጋል፤ ከዚህ የሚያንስ ምስል ወደ ሠንጠረዡ ሳይገባ በር ላይ ቢቀር ይሻላል።

አሁን ወደ 410 እና 400 እንመለስ። «ለ» አሸነፈ ብሎ መዝጋት ችኮላ ነው። 40 እና 30 ያልነው በግምት ነው፤ 35 እና 35 ብንል የሚከራከረን የለም። እንዲህ ስናደርግ «ሀ» 410፣ «ለ» 405 ሆነው ቦታ ይለዋወጣሉ። «ሐ» ግን በሁለቱም ስሌት መጨረሻ ነው፤ እሱን ያለ ጭንቀት ማንሳት ይቻላል። እኔ የሠንጠረዡን ትልቁን ጥቅም የማየው እዚህ ላይ ነው። የቀረው ክርክር በሁለት ፎቶዎችና በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ መሆኑን ያሳየናል፤ አንባቢን መጀመሪያ የሚጠራው የሴቶቹ ሥራ ነው ወይስ የአንድ ሰው ፊት?

ሠንጠረዡ «ለ» የሚደክምበትንም ቦታ ይጠቁማል፤ ለርዕስ ያገኘው 3 ብቻ ነው። የፎቶው መጠን 4000 በ6000 ፒክሰል ነው እንበል። ከታች ያለው ባዶ መሬት ተቆርጦ 3500 በ4950 ቢቀር ከሴቶቹ በላይ ያለው ሰማይ ከገጹ ሰፋ ያለውን ድርሻ ይይዛል፤ ጥራቱም ለኅትመት ከሚበቃው በላይ ነው። ዲዛይነሩ ርዕሱን አስቀምጦ አይቶ ነጥቡን ወደ 4 ካሳደገው፣ «ለ» በመጀመሪያው ክብደት 430፣ በሁለተኛው 425 ያገኛል። «ሀ» በ400 እና በ410 ይቀራል። አሁን «ለ» በሁለቱም ክብደት ይመራል፤ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ይችላል።