ስለ ወገብ፣ ስለ እጅ አንጓና ስለ ማጅራት ሕመም፤ የብስክሌት ነጂዎች ተረትና እውነታ

በሪያድ ከተማ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ብስክሌት መንዳት የሚወዱ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው በዓርብ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በሠርክ ወጥተው፣ በዋዲ ሐኒፋ ሸለቆ ዳር ረዥም ጉዞ ያደርጋሉ፤ ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2019 በታወጀውና ሲፈጸም ከ135 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት በሚኖረው፣ ዋዲ ሐኒፋን በምሥራቅ ካለው ከዋዲ ሱለይ ጋር በሚያገናኘው የስፖርት ጎዳና ላይ ይነዳሉ። ይህን የመሰለ ሜዳማ መንገድ ለእግር የሚመች ቢሆንም ለወገብና ለእጅ የራሱ ፈተና አለው፤ በዳገት የሚነዳ ሰው ከኮርቻው ብድግ እያለ፣ በቁልቁለትም እግሩን እያሳረፈ አካሉን ሳያውቀው ያፈራርቃልና፤ በሜዳ የሚጓዘው ግን ለሁለት ሰዓት ያህል በአንድ አቀማመጥ ጸንቶ ስለሚቆይ፣ በብስክሌቱ ልክ ላይ ያለች ጥቂት ስሕተት እንኳ ቀስ በቀስ ተጠራቅማ ሕመም ትሆንበታለች።

ስለዚህ ሕመም በነጂዎች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ ምክሮች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚሳሳቱት የሕመሙን ቦታና የሕመሙን ምክንያት አንድ አድርገው በማየታቸው ነው። እጁን ያመመው መሪውን ይነካካል፣ ማጅራቱን ያመመው አንገቱን ያሻል፤ የነገሩ ሥር ግን ብዙውን ጊዜ ከኮርቻው ላይ ይገኛል። ለአብነት ያህል በመንፉሐ ሰፈር የሚኖር አንድ የአገራችን ሰው፣ ሌላ ሰው የነዳውን ብስክሌት ገዝቶ፣ ኮርቻውንም መሪውንም እንዳገኘው ትቶ በየሳምንቱ ዓርብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል እንበልና፣ የሚሰማውን ምክርና ከምክሩ የሚመጣበትን ነገር በቅደም ተከተል እንመርምር።

ተረት 1፦ በኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሁለት እግርን በመሬት ላይ መትከል የማይቻል ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሏል።

እውነታ፦ የኮርቻ ከፍታ የሚለካው ከመሬት ሳይሆን ከፔዳሉ ነው። በቅሎ የሚቀመጥ ሰው እርካቡን የሚያሳጥረውና የሚያስረዝመው በራሱ እግር ልክ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የብስክሌትም ኮርቻ የሚስተካከለው ፔዳሉ ወደ ታች መጨረሻው በወረደበት ጊዜ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ብቻ እንዲታጠፍ ሆኖ ነው። ይህንንም ያለ መሣሪያ ለማወቅ፣ ግድግዳ ተደግፎ በኮርቻው ላይ በመቀመጥ ተረከዝን በፔዳሉ ላይ ማሳረፍና ወደ ታች መግፋት ይበቃል፤ በዚያን ጊዜ እግር ዳሌን ሳያዘነብል ፈጽሞ ከተዘረጋ፣ በኋላ የእግር መዳፍ ፊተኛው ክፍል በፔዳሉ ላይ ሲያርፍ ጉልበት ተገቢውን መታጠፍ ያገኛል።

በቁጥር መጀመር ለሚወድ ሰው ደግሞ የሦስት ጊዜ የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ የሆነው ግሬግ ለሞንድ ያስለመደው ስሌት አለ። ጫማ አውልቆ በግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ በመቆም፣ በጭኖች መካከል አንድ ወፍራም መጽሐፍ እስከ ላይ አጥብቆ በመያዝ፣ ከመጽሐፉ ጀርባ እስከ ወለሉ ያለው ይለካል፤ የተገኘው ቁጥር በ0.883 ሲባዛ፣ የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት እምብርት እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባውን ርቀት ይሰጣል። የአብነታችን ሰው ልኩ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ኮርቻው 70.6 ሳንቲ ሜትር ላይ መሆን ሲገባው፣ እግሩን መሬት ስለሚያስረግጠው እንዳገኘው 64 ላይ ትቶታል እንበል። በዚህም ምክንያት በእያንዳንዱ ዙር ጉልበቱ ወደ ደረቱ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ጉልበቱ ሲወጣ ዳሌው ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ዳሌው ሲንከባለል የወገቡ አከርካሪ ጎብጦ ይቀራል፤ ይህም በሁለት ሰዓት ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚደጋገም ወገቡ ይዝላል።

ይሁን እንጂ ከመጠን ያለፈ ከፍታም በበኩሉ ያንኑ ወገብ ይጎዳል። ከኋላ የሚከተል ጓደኛ ሲመለከት የነጂው ዳሌ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ እግሩ ፔዳሉን ለመድረስ እየተንጠራራ ነውና ኮርቻው ዝቅ ማለት አለበት። ስለ ሆነም ስሌቱ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የጫማው ውፍረትና የፔዳሉ ክንድ ርዝመት ይለውጡታልና፣ የመጨረሻው ዳኛ የዳሌው ጸጥታ ነው። ከፍ ማድረጉም በአንድ ቀን የሚፈጸም ሳይሆን፣ በየጉዞው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እየተጨመረ ሊሆን ይገባል፤ የኮርቻውም ዘንግ በላዩ ከተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት አልፎ መውጣት የለበትም።

ተረት 2፦ እጅን ያመመው ሰው ኮርቻውን ወደ ፊት ያስጠጋ፣ አፍንጫውንም ዝቅ ያድርግ፤ ያን ጊዜ መሪው ይቀርበዋል።

እውነታ፦ የአብነታችን ሰው ኮርቻውን በ6.6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባደረገ ጊዜ፣ ሳያስበው ሁለት ሌሎች ነገሮችን ለውጧል። አንደኛ፣ መሪው ከኮርቻው አንጻር ከሞላ ጎደል በዚያው መጠን ዝቅ ብሏል፤ ሁለተኛም፣ ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ ኮርቻው ሲወጣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። ስለዚህ ወገቡ ቢድንም፣ አሁን ደግሞ የእጁ አንጓ ማመም፣ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱም መደንዘዝ ይጀምራሉ፤ ወደ እነዚህ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ በመዳፍ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ከቆዳ ብዙ ሳይርቅ ያልፋልና፣ የላይኛው አካል ክብደት በመሪው ላይ ሲያርፍ ይጨቆናል።

በዚህ ጊዜ ኮርቻውን ወደ ፊት መሳብ መድኃኒት ይመስላል፤ ነገር ግን ዳሌው ወደ ፊት በሄደ መጠን ከእግሮቹ በስተፊት የሚንጠለጠለው የሰውነት ክብደት ይጨምራልና፣ እጆች የበለጠ ሸክም ይቀበላሉ። የኮርቻውን አፍንጫ ዝቅ ማድረግም ነጂውን ወደ ፊት ስለሚያንሸራትተው፣ በእጆቹ ራሱን ወደ ኋላ ሲገፋ ይውላል። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ወገባቸውን ያመማቸው ነጂዎች ኮርቻቸውን ወደ ፊት ባዘነበሉ ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዐቢይ መሻሻል እንዳዩ ዘግቧል፤ ስለዚህ ማዘንበል ለወገብ ሊረዳ ይችላል፤ ዋጋውን ግን እጅ ይከፍላል። መነሻው አግድም የሆነ ኮርቻ ሆኖ፣ ወገቡ እንቢ ያለ ሰው ጥቂት በጥቂት ቢያዘነብልና እጁን ቢያዳምጥ መልካም ነው።

ኮርቻው በቦታው መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ፈተና አለ። መኪናና እግረኛ በሌለበት ሜዳ፣ በመካከለኛ ፍጥነት እየነዱ፣ መዳፍን ከመሪው ላይ የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ለጥቂት ጊዜ ማንሣት ነው፤ ሰውነት ወደ ፊት የሚወድቅ ከሆነ፣ ኮርቻው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሊሄድ ይገባዋል፤ የማይወድቅ ከሆነ ግን ኮርቻው ንጹሕ ነው፣ የቀረው የመሪው ጉዳይ ነው።

ተረት 3፦ መሪው በጣም ከፍ ብሎ ነጂው ቀጥ ብሎ ቢቀመጥ፣ ወገብም ማጅራትም አይታመሙም።

እውነታ፦ መሪው ከመጠን በላይ ዝቅ ሲል፣ ነጂው መንገዱን ለማየት አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ መያዝ ግድ ይሆንበታል፤ የማጅራት ሕመም ዋና ምንጭ ይህ ነው። ነገሩ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጠው ውድድር ላይ ታይቷል፤ በዚያ ውድድር የማይክል ሸርመር የአንገት ጡንቻዎች ዝለው ራሱን መሸከም ስለ ተሳናቸው፣ ሕማሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ፍጹም ቀጥ ብሎ መቀመጥ ግን የተገላቢጦሹ ስሕተት ነው፤ ያን ጊዜ የሰውነት ክብደት ሁሉ በኮርቻው ላይ ያርፍና፣ የመንገዱ ንቅናቄ በቀጥታ ወደ አከርካሪው ይወጣል። ለረዥምና ለተረጋጋ ጉዞ የሚስማማው፣ መሪው ከኮርቻው ጋር እኩል ወይም በጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ሲሆን፣ የሰውነት መታጠፍም ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ ሲጀምር ነው።

የአብነታችን ሰው እንግዲህ ከመሪው አንገት በላይ የተደረደሩትን ቀለበቶች ወደ አንገቱ ሥር በማዛወር መሪውን ከፍ ያደርጋል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የላይኛው ክዳን ብሎን ይፈታል፣ የአንገቱ የጎን ብሎኖች ይላላሉ፣ ቀለበቶቹም ቦታቸውን ይለዋወጣሉ፤ ሲመለስም በመጀመሪያ የላይኛው ክዳን መሪው ሳይከብድ መናጋት እስኪቀር ድረስ ይጠብቃል፣ መሪው ከፊተኛው ጎማ ጋር ይስተካከላል፣ በመጨረሻም የጎን ብሎኖች ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ የፊት ፍሬን ተይዞ ብስክሌቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዛወዝ የሚንኳኳ ነገር ካለ፣ ሥራው ገና አልተፈጸመም፤ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞርም የፍሬን ገመዶቹ መወጠር የለባቸውም። ቀለበቶቹ አልበቁ እንደ ሆነ፣ አጭርና ወደ ላይ የሚያቀና አንገት መለወጥ ያሻል።

ቀጥሎ የፍሬን መያዣዎቹ ይታያሉ። ጣቶች በፍሬኑ ላይ ሲያርፉ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ አንድ ቀጥተኛ መስመር መታየት አለበት፤ አንጓ ወደ ላይ ከተሰበረ፣ መያዣው ወደ ታች ይዙር። ክርን በጥቂቱ ይታጠፍ፣ ትከሻም ከጆሮ ይራቅ፤ የተገተረ ክርን የመንገዱን ንቅናቄ ሳያለዝብ ወደ ማጅራት ያሳልፋልና። የራስ ቁር ወደ ግንባር ወርዶ እይታን የከለለበት ሰውም፣ መሪው የቱንም ያህል ቢስተካከል አንገቱን ማቅናቱን ስለማይተው፣ ቁሩን አስቀድሞ ያስተካክል።

ተረት 4፦ ሰውነት ይለምደዋል፤ መታገሥ ነው።

እውነታ፦ የጡንቻ ድካም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል፣ ሰውነትም ይለምደዋል፤ የነርቭ መጨቆን ግን በልማድ አይድንም፣ ይባስ ብሎ ይጸናል እንጂ። በሪያድ ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው በየሩብ ሰዓቱ ለጥቂት ጊዜ ከኮርቻው ብድግ ማለትና የመዳፉን አቀማመጥ መለዋወጥ አለበት፤ ዳገቱ ያላደረገለትን ራሱ ሊያደርግ ይገባዋልና። ከጉዞ በኋላ የጣት መደንዘዝ ሳይለቅ ቢቀር፣ እጅ ዕቃ መጨበጥ ቢሳነው፣ ወይም የወገብ ሕመም ወደ እግር ቢወርድ ግን፣ ነገሩ ከመፍቻ ወደ ሐኪም ተሻግሯልና ብስክሌቱን አቁሞ መመርመር ይገባል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከኮርቻው ከፍታ ጀምረው፣ ቀጥሎ ወደ ኮርቻው ቦታ፣ ከዚያም ወደ መሪው ይለፉ፤ ነገር ግን በአንድ ጉዞ ከአንድ ነገር በላይ አይለውጡ፤ የቀድሞውንም ልክ በዘንጉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፣ በማስታወሻም ይጻፉት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሻለውም ቢብስበትም የትኛው እንዳደረገው ለይቶ ማወቅ አይችልም።