በረዶና ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ፦ በቦሌ መድኃኔዓለም ከፍታ የውሃን ካርታ ማንበብ

ከፍተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ አንባቢያን፣ በኬሚስትሪ ደብተሩ ላይ እንደ ባላ እንጨት የሚሰነጠቅ ሥዕል አይታችሁ ይሆናል። ሦስት መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ስሙም ፌዝ ዲያግራም ይባላል። ለፈተና ብቻ የተሣለ ይመስላል። ነገር ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ኢንሱሊን የምታስቀምጡ ቤተሰቦች በየቀኑ የምትኖሩት በዚህ ሥዕል ላይ ነው። ክትባት በሣጥን ይዘን ስንዞር የኖርን የጤና ባለሙያዎችም የሠራነው በእሱ ነው፤ ስሙን ሳንጠራ።

ሥዕሉን እንደ ካርታ አንብቡት። ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ሙቀት ይጨምራል፤ ከታች ወደ ላይ ስትወጡ ግፊት ይጨምራል። በግራ በኩል ያለው አገር የጠጣር ነው፤ ለውሃ ሲሆን በረዶ ማለት ነው። መካከሉና ላይኛው የፈሳሽ፣ በስተቀኝ ታችኛው ደግሞ የእንፋሎት ነው። በአንዱ አገር ውስጥ ከቆማችሁ ንጥረ ነገሩ በአንድ መልክ ብቻ ይገኛል። መስመር ላይ ከቆማችሁ ግን ሁለቱ ጎረቤቶች አብረው ይኖራሉ፤ በረዶና ውሃ፣ ወይም ውሃና እንፋሎት። ካርታው የሚሠራው ለአንድ ንጹሕ ንጥረ ነገር ብቻ መሆኑን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሆነን እንጓዝ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር የአየሩ ግፊት ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ነው። በባሕር ጠረፍ 101 ያህል ስለሆነ፣ የእኛ በሩብ ገደማ ያንሳል። በ77 ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አግድም መስመር አስምሩ። ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ከግራ ይነሣና 0 ዲግሪ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ያገኛል፤ ይቀልጣል። ውሃው እየሞቀ ይቀጥልና 92 ዲግሪ አካባቢ ሁለተኛውን መስመር ያገኛል፤ ይፈላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚኖር ሰው ተመሳሳይ ጉዞ ቢያደርግ በረዶው እዚያም 0 ላይ ይቀልጣል፤ ውሃው ግን እስከ 100 ይደርሳል። ከፍታው የመፍላቱን ነጥብ 8 ዲግሪ ያህል ሲያወርደው የመቅለጡን ነጥብ የነካው አይመስልም። ለምን?

መልሱ በመስመሮቹ ዘንበል ማለት ላይ ነው። የመፍላቱ መስመር ተጋድሞ ስለሚወጣ፣ ትንሽ የግፊት ለውጥ ብዙ ዲግሪ ያንቀሳቅሰዋል። የመቅለጡ መስመር ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከሺህ ጊዜ በላይ ስለሚሰፋ ግፊት በጣም ይገድበዋል። በረዶና ውሃ ግን በመጠን ብዙም አይራራቁም፤ ግፊት የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ጥቂት ግን ይራራቃሉ። በረዶ ከውሃ 9 በመቶ ያህል ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ ለዚህም ነው በብርጭቆ ላይ የሚንሳፈፈው፣ በፍሪዘር የተረሳ ጠርሙስም የሚሰነጠቀው። ግፊት ሲጨምር ተፈጥሮ ጠባቡን መልክ ትመርጣለች፤ ጠባቡ ውሃው ነው። ስለዚህ የተጨመቀ በረዶ ከ0 በታች ይቀልጣል፤ መስመሩም በትንሹ ወደ ግራ ያዘነብላል። ይሁንና መቅለጫውን በ1 ዲግሪ ለማውረድ ከ130 የሚበልጡ የባሕር ጠረፍ ግፊቶች ያስፈልጋሉ። ቦሌና ባሕር ጠረፍ የሚለያዩት በአንድ ሩብ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ የዲግሪ ሁለት ሺህኛ ገደማ ነው። አብዛኞቹ ነገሮች የውሃ ተቃራኒ ናቸው፤ ጠጣራቸው ጠባብ ስለሆነ በፈሳሻቸው ውስጥ ይሰምጣል፣ ግፊት ሲጨምርም መቅለጫቸው ከፍ ይላል፣ መስመራቸውም ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

ሦስቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ሦስትዮሽ ነጥብ ይባላል። በረዶ፣ ውሃና እንፋሎት አብረው ተረጋግተው የሚኖሩት እዚያ ብቻ ነው። ለውሃ 0.01 ዲግሪ ሲሆን ግፊቱ 611 ፓስካል ነው፤ ይህም ከቦሌ አየር ግፊት 1 በመቶ አይሞላም። ነጥቡ ምንጊዜም ስለማይዛነፍ፣ እስከ 2019 ድረስ የዓለም የሙቀት መለኪያ የተመሠረተው በእሱ ላይ ነበር።

የእኛ አግድም መስመር ከውሃ ሦስትዮሽ ነጥብ በላይ ስለሚያልፍ በረዷችን ውሃ ይሆናል። በጣም ቀዝቃዛ ክትባቶች በአውሮፕላን ሲጓዙ የሚታሸጉበት ደረቅ በረዶ ግን የተለየ ነው። እሱ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ሦስትዮሽ ነጥቡ ከባሕር ጠረፍ ግፊት 5 እጥፍ ላይ ነው። በየትኛውም ከተማ አየር ውስጥ ቢቀመጥ መስመሩ ከነጥቡ በታች ስለሚያልፍ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። ልጆች በተከደነ ጠርሙስ ቢጨምሩት ጋዙ መውጫ አጥቶ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። በጠባብ ክፍልም አየሩን ይጨርሳል።

አሁን ወደ ቤታችን። ገና ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። አንዴ ከበረደ በኋላ ቢሟሟም አይወሰድም። ዓይን ላይ ደህና ቢመስልም ሥራው ሊዳከም ይችላል። የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር ዋሽቶ እንደሆነ የምናውቀው በዚያ ቀጥ ባለው መስመር ነው፤ በረዶና ውሃ አብረው እስካሉ ድረስ ሙቀታቸው ከ0 አይርቅም፣ በቦሌም ቢሆን በጅቡቲ።

ይህን ለማድረግ በረዶ ሰባብራችሁ አንድ ብርጭቆ ሙሉ። ቀዝቃዛ ውሃ በረዶዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እስኪሞላ ብቻ ጨምሩ፤ በረዶው እስከ ብርጭቆው ግርጌ መድረስ አለበት። አማስሉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ውሃ የማይጎዳውን የቴርሞሜትሩን ጫፍ ግድግዳ ሳይነካ መካከል ላይ ያዙትና ቁጥሩ እስኪረጋ ቆዩ። ደረቅ የፍሪዘር በረዶ ብቻውን አይሆንም፤ እሱ ገና በጠጣሩ አገር ውስጥ ስለሆነ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነበር ክትባት ይዘን ስንወጣ የበረዶ ፓኮቹን እየነቀነቅን ውስጣቸው ውሃ ሲንቦጫቦጭ እስክንሰማ የምንጠብቀው። ድምፁ መስመሩ ላይ መድረሳቸውን ይነግረን ነበር፤ ካልሆነ ክትባቱን ያበርዱታል።

ቴርሞሜትሩ በዚያ ብርጭቆ ውስጥ 2.5 ቢያሳይ፣ 2.5 አብዝቶ ይናገራል ማለት ነው። ማቀዝቀዣችሁ ላይ 3 ሲል እውነቱ ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ኢንሱሊኑ በበረዶ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ ካልበለጠ ለቤት ይበቃል። ከበለጠ ሌላ በረዶ አዘጋጅታችሁ ድገሙት፤ ያው ከሆነ ቴርሞሜትሩን ለውጡ።

ጨው የነካው ዕቃ አትጠቀሙ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ውሃ የበረዶውን መቅለጫ 2 ዲግሪ ያህል ያወርደዋል፤ ከባሕር ጠረፍ እስከ ቦሌ ያለው ከፍታ ሁሉ ካደረገው በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ካርታው ለአንድ ንጹሕ ንጥረ ነገር ብቻ ነው ያልነው ለዚህ ነው።