ፒዲኤፉ ደርሶናል፤ የምንጠይቀው ዋናውን ፋይል ነው

ሴሚስተር ሲጀመር የክፍል ተወካይ ከሚሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ስላይዱን ከመምህሩ ተቀብሎ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ነው። የሚመጣው ፋይል ብዙውን ጊዜ ፒዲኤፍ ነው። ለሚያይ ተማሪ ይበቃል። በክፍሉ ውስጥ ዓይነ ስውር ወይም እይታው የደከመ ተማሪ ሲኖር ግን ጓደኞቹ ስላይዱን በጆሮ ወደሚደመጥ ወይም በጉልህ ፊደል ወደሚነበብ ማስታወሻ መለወጥ አለባቸው። ለዚህ ደግሞ መምህሩ ራሱ ያዘጋጀው፣ ስሙ በ.pptx የሚያልቀው የፓወርፖይንት ፋይል ያስፈልጋቸዋል።

ልዩነቱ በአንድ ስላይድ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ላይ ስለ ገበያ ሚዛን የሚናገር ስላይድ እንውሰድ። ከላይ ርዕስ፣ ከሥሩ ሁለት ቀመሮች፣ በቀኝ በኩል የፍላጎትና የአቅርቦት ግራፍ አለ። ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
Qd = 100 − 2P
Qs = 3P
```

ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ዋጋው 20፣ ብዛቱ 60 ሲሆን ነው። የሚያይ ተማሪ ይህን ከግራፉ ላይ በአንድ አፍታ ያገኘዋል። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ግን ፋይሉን የሚከፍተው በስክሪን ሪደር ነው፤ ይህም በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ ያለ ክፍያ የሚገኘው NVDA ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። ፒዲኤፉ በፎቶ ወይም በስካነር የተነሣ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚያነበው አንድም ቃል አያገኝም። በፕሪንት ትእዛዝ ወደ ፒዲኤፍ የተለወጠ ከሆነ ቃላቱ ቢኖሩም የትኛው ርዕስ፣ የትኛው ዝርዝር እንደሆነ የሚናገረው ምልክት ይጠፋል። በሁለቱም መንገድ ግራፉ ዝም ይላል። ስላይዱ የተሠራው ያንን ግራፍ ለማሳየት ስለሆነ፣ ተማሪው የትምህርቱን ልብ አላገኘም ማለት ነው።

ፒዲኤፉ በፎቶ የተነሣ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። አንድ መስመር በማውዝ ለመምረጥ ይሞክሩ፤ ፊደሉ ካልተመረጠ ያ ገጽ ሥዕል ነው።

ተወካዩ እንግዲህ ደብዳቤውን እንዲህ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል፦

«ለኢኮኖሚክስ መግቢያ መምህራችን

ጉዳዩ፦ የስላይዶችን ዋና ፋይል ስለመጠየቅ

እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የክፍል ተወካይ ነኝ። በክፍላችን ስላይድ በስክሪን ሪደር የሚያዳምጡና ፊደል አጉልተው የሚያነቡ ተማሪዎች አሉ፤ ይህን የምጽፈውም በእነርሱ ፈቃድ ነው። የላኩልን ፒዲኤፍ ግራፎቹንና ቀመሮቹን አያነብላቸውም። ስለዚህ የምዕራፍ 2 እና 3 ስላይዶችን በ.pptx እንዲልኩልን፣ የቀጣዮቹ ምዕራፎችም ከክፍለ ጊዜው ሁለት ቀን አስቀድመው እንዲደርሱን በአክብሮት እንጠይቅዎታለን።

በፋይሉ የምንሠራው ለግራፎቹ የጽሑፍ መግለጫ መጻፍ፣ ቀመሮቹን በቃል ማስፈርና ፊደሉን ማጉላት ነው። የእርስዎን ጽሑፍ አንለውጥም፤ እኛ የጨመርነው ሁሉ ‹የተማሪ ማስታወሻ› የሚል ምልክት ይኖረዋል። ፋይሉን የሚይዙት ሦስት አዘጋጆች ብቻ ናቸው፤ በግሩፕ ላይ አይለቀቅም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጨርሰን እናሳይዎታለን። ፋይሉን መስጠት ካልተመቸዎት የስላይዶቹ ጽሑፍ በወርድ፣ ግራፎቹም ለየብቻ ቢደርሱን እንሠራበታለን።

ከአክብሮት ጋር»

ደብዳቤው የተማሪዎቹን ስም አይጠራም። የአካል ጉዳት የግል ጉዳይ ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ተወካይም ቢሆን ሊናገረው አይገባም። ሕግም አይጠቅስም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ይናገራል። ይህ ጠንካራ መሠረት ነው፤ ነገር ግን ቦታው፣ በእኔ እምነት፣ መልስ ሲጠፋ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሚጻፈው ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። አብዛኛው መምህር ዋናውን ፋይል ያልሰጠው ማንም ስላልጠየቀው ነው።

የሚያመነቱ መምህራንም አሉ፤ ምክንያታቸውም ሊሰማ ይገባል። ስላይድ የዓመታት ድካም ነው፤ ሌላ ሰው ስሙን ለውጦ ሊያስተምርበት ይችላል። ደብዳቤው ፋይሉን የሚይዙትን ሰዎች ቁጥር የወሰነው ለዚህ ነው። ሌላው ሥጋት ከስላይዱ ሥር መምህሩ ለራሱ የጻፈው ማስታወሻ ነው፤ የፈተና ጥያቄ ወይም መልስ ሊኖርበት ይችላል። መምህሩ የፋይሉን ቅጂ ከፍቶ File > Info > Check for Issues > Inspect Document ቢል ማስታወሻዎቹንና አስተያየቶቹን አግኝቶ ማጥፋት ይችላል። ዋናው ፋይል እንዳለ ይቀመጣል፤ ለተማሪዎቹ የሚሄደው ቅጂው ነው።

ፋይሉ ሲደርስ አዘጋጆቹ መጀመሪያ View > Outline View ይክፈቱ። እዚያ የሚታየው በስላይዱ የተዘጋጁ ቦታዎች ውስጥ የተጻፈው ርዕስና ዝርዝር ብቻ ነው፤ መምህሩ በራሱ ሣጥን ሠርቶ የጨመረው ጽሑፍ አይታይም። ከስላይዱ ጋር ማነጻጸር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ በዚህ ደረጃ አንድ አንቀጽ ሳይታወቅ ሊዘለል ይችላል።

ቀጥሎ ግራፉ ነው። ሥዕሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው Alt Text በሚለው ቦታ መግለጫ ይጽፋሉ። «የፍላጎትና የአቅርቦት ግራፍ» ብሎ ማለፍ ምንም አያስተምርም። ለእኛ ስላይድ የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ነው፦ «ቁሙ መስመር ዋጋ፣ አግድሙ ብዛት ነው። ፍላጎት ዋጋው 50 ሲሆን ከዜሮ ብዛት ይጀምርና ዋጋው እየቀነሰ ሲሄድ ብዛቱ እየጨመረ ዋጋው ዜሮ ሲሆን 100 ይደርሳል። አቅርቦት ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ ዋጋው 20፣ ብዛቱ 60 ላይ ይገናኛሉ።» ተማሪው ይህን ሰምቶ ግራፉን በአእምሮው መሣል ይችላል። የኮርሱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ መግለጫውም በእንግሊዝኛ ቢሆን ይሻላል፤ ፈተናው የሚመጣው በዚያው ቋንቋ ነውና።

ቀመሩ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። በኪቦርድ ላይ ያለችውን አጭር ሰረዝ ለመቀነስ ምልክት ከተጠቀሙ NVDA በመደበኛ ቅንብሩ ሳያነብ ሊያልፋት ይችላል። ያኔ ተማሪው የሚሰማው «100 2P» ነው፤ መቀነስ ይሁን ማባዛት አያውቅም። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ ምልክቱ በቃል ይጻፍ።

ኮርሱ በአማርኛ ከሆነ ሌላ ፍተሻ ይጨመራል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ስላይድ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው፤ ስክሪን ሪደሩም ያንን ትርጉም አልባ ድብልቅ ያነባል። አንድ ዓረፍተ ነገር መርጠው ፎንቱን ወደ Arial ይለውጡ፤ አማርኛው ከተበተነ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መጻፍ አለበት። ይህን .pptx ብቻውን አይፈታውም።

በመጨረሻ ማስታወሻውን ሊጠቀምበት ያለው ተማሪ ራሱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ያዳምጠው። የት እንደጠፋበት የሚያውቀው እርሱ ነው፤ አዘጋጆቹ የሚያርሙትም እርሱ በነገራቸው መሠረት ይሁን።

ይህን የምታነቡ መምህራን፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ፒዲኤፉን ስትልኩ .pptx ቅጂውንም አብራችሁ ላኩ። ተወካዩ ደብዳቤ እስኪጽፍላችሁ አትጠብቁ።