እንግሊዝኛ የሚውጣቸው አናባቢዎች

ብሪታንያዊው የንግግር ድምፅ አጥኚ አርተር ሎይድ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1940 ቋንቋዎችን በምታቸው ለሁለት ከፈላቸው። አንዳንዶቹ እንደ መትረየስ እኩል እኩል ይተኩሳሉ፤ እንግሊዝኛን የመሰሉት ደግሞ እንደ ቴሌግራም ምልክት አንዱን እያስረዘሙ ሌላውን ያሳጥራሉ። አሜሪካዊው ኬኔት ፓይክ በ1945 ለሁለቱም ስም አወጣላቸው፤ ስሙም በክፍለ ቃል የሚመቱና በአጽንዖት የሚመቱ እንደማለት ነው። ስፓኒሽ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ይመደባል።

ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንየው። «ኪድስ ድሪንክ ሚልክ» ሦስት ክፍለ ቃል ነው፤ ሦስቱም አጽንዖት አላቸው። «ዘ ኪድስ ሃቭ ቢን ድሪንኪንግ ዘ ሚልክ» ሲባል ክፍለ ቃላቱ ስምንት ይሆናሉ፤ አጽንዖት የሚያርፍባቸው ግን አሁንም ሦስት ናቸው። በፓይክ ሐሳብ መሠረት እንግሊዛዊው ከአንዱ አጽንዖት እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ ለማመጣጠን በመካከል የገቡትን ትናንሽ ቃላት ይጨፈልቃቸዋል። ስፓኒሽ ተናጋሪው በለመደው ምት ሲናገር ግን ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ድርሻውን ይሰጣል። ለእንግሊዛዊ ጆሮ የተቆራረጠ የሚመስለው ይህ ንግግር ነው።

ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ችግሩ የመጣው ሰዓት ሲያዝ ነው። ፒተር ሮች በ1982 ስድስት ቋንቋዎችን ሲለካ በአጽንዖቶች መካከል የተባለውን እኩል ጊዜ በእንግሊዝኛም አላገኘውም። በዓመቱ ሬቤካ ዳወር ምክንያቱን ሌላ ቦታ አሳየች። ልዩነቱ የሚመነጨው ከክፍለ ቃላቱ አሠራርና አጽንዖት ያጣ አናባቢ ከሚደርስበት ነገር ነው። በስፓኒሽ «ኦ» አጽንዖት ቢኖረውም ባይኖረውም «ኦ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን አጽንዖት ሲለቀው ብዙውን ጊዜ መልኩን ያጣል።

እኛ «ፎቶግራፍ» የምንለውን ቃል እንግሊዛዊው «ፎተግራፍ» ይለዋል፤ አጽንዖቱ መጀመሪያው ላይ ነው። ፎቶ አንሺውን ሲጠራ አጽንዖቱ ወደ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ይሸሻል፤ ቃሉም «ፈቶግረፈር» ይሆናል። «ፎ» ወደ «ፈ»፣ «ግራ» ወደ «ግረ» ወረዱ ማለት ነው። የተዳከሙት ድምፆች ያጥራሉ፣ ይደበዝዛሉም።

ይህ ይለካል። የሁለት ጎረቤት አናባቢዎች ርዝመት ልዩነት ለአማካያቸው ይካፈልና በመቶ ይባዛል። አንዱ 120፣ ሌላው 60 ሚሊ ሰከንድ ቢረዝም ልዩነቱ 60፣ አማካዩ 90 ነው፤ ውጤቱ 67 አካባቢ ይሆናል። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ዜሮ ነው። ኤስተር ግራበና ኢ ሊንግ ሎው በ2002 ባሳተሙት ልኬት የብሪታንያ እንግሊዝኛ 57፣ የስፓኒሽ 30 ገደማ ሆኗል። የሲንጋፖር እንግሊዝኛ ከብሪታንያው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በተናጋሪውና በሚነበበው ጽሑፍ ስለሚለዋወጡ ለቋንቋ ሁሉ ቋሚ ልክ አይደሉም።

አድማጩ ለምን ይቸገራል? አን ከትለርና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት የእንግሊዝኛ አድማጭ ጎላ ያለ ክፍለ ቃል በሰማ ቁጥር አዲስ ቃል ጀመረ ብሎ ይገምታል። ግምቱ በቋንቋው ያዋጣል፤ በንግግር ውስጥ ዋናውን ትርጉም የሚሸከሙት ቃላት ከመቶ ዘጠናው ገደማ የሚጀምሩት በጎላ ክፍለ ቃል ነውና። ሁሉም ክፍለ ቃል ጎልቶ ከመጣ ግን የቃላቱ ድንበር ይጠፋበታል።

አማርኛ ተናጋሪም የዚህ ጉዳይ ባለቤት ነው። የአማርኛ አጽንዖት ደካማ ነው፤ ትርጉም የሚለየው በመጥበቅና በመላላት ነው። የሚገርመው ደግሞ እንግሊዝኛ የሚፈልገው ደብዛዛ ድምፅ ከግዕዙ አናባቢ፣ ከ«በ» እና ከ«ገ» ድምፅ፣ ብዙም አይርቅም። አማርኛ ተናጋሪው የሚቸገረው «ካ»ን ወደ «ከ» የማውረድ ልማድ ስለሌለው ነው። በአሜሪካ የሚኖር ሰው «አይ ካን ጎ» ብሎ «ካን»ን ሙሉ አድርጎ ቢናገር አድማጩ «አልችልም» ያለው ሊመስለው ይችላል። አሜሪካውያን የአሉታውን ቃል የመጨረሻ «ት» ብዙ ጊዜ ስለሚውጡት፣ የሚለዩት በዋናነት በአናባቢው ነው፤ አዎንታው «ክን» ተብሎ ያልፋል፣ አሉታው ሙሉ «ካን» ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ግን እንደ እንግሊዝ ካልተናገሩ አያግባባም ማለት አይደለም። ጄኒፈር ጀንኪንስ በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ የሁለቱም አፍ መፍቻ ባልሆነበት ንግግር ትናንሾቹን ቃላት ማደብዘዝ ለመግባባት አያስፈልግም ብላለች። ለዱባይ ገበያ መትረየሱ ይበቃል። ዋሽንግተን ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ «እችላለሁ» ሲል «ክን»ን አሳጥሮ ከኋላው ያለውን ግስ ያጉላ፤ «አልችልም» ሲል ደግሞ ቃሉን ሙሉ አድርጎ «ት»ዋን ያሰማ።