VLOOKUP ከሌላ ሺት ዋጋ የሚያመጣበትና የሚሳሳትበት መንገድ

VLOOKUP በአንድ ሺት ላይ ያለን መለያ ይዞ ሌላ ሺት ላይ ይፈልገዋል፤ ሲያገኘው ከዚያው ረድፍ የተጠየቀውን መረጃ ይዞ ይመለሳል። ሁለት ሺት ያለውን የአንድ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፋይል ማየት አሠራሩን ግልጽ ያደርገዋል። «ሽያጭ» በተባለው ሺት በA ዓምድ የተሸጠው ዕቃ ኮድ፣ በB ብዛቱ ተመዝግቧል፤ C ገና ባዶ ነው። «ዋጋ» በተባለው ሺት ደግሞ A ላይ ኮድ፣ B ላይ የዕቃው ስም፣ C ላይ የአንዱ ዋጋ አለ። በሽያጭ ሺት C2 ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦

```
=VLOOKUP(A2,'ዋጋ'!$A$2:$C$200,3,FALSE)
```

A2 የሚፈለገው ኮድ ነው፤ 112 እንበል። ከቃለ አጋኖው በፊት ያለው የሺቱ ስም ሲሆን፣ ቀጥሎ ያለው ፍለጋው የሚካሄድበት ክልል ነው። ፎርሙላው 112ን የሚፈልገው በዚህ ክልል የመጀመሪያ ዓምድ ብቻ ነው። ካገኘው በዚያው ረድፍ ወደ ቀኝ ይሄድና የክልሉን 3ኛ ዓምድ ያነባል፤ የደብተሩ ዋጋ 85 ብር ከሆነ C2 ላይ 85 ይወጣል። መጨረሻ ላይ ያለው FALSE «ልክ ራሱ ካልሆነ አትቀበል» ማለት ነው።

ኮዱ ካልተገኘ #N/A ይወጣል። አንዳንዴ ይህ እውነተኛ መልስ ነው፤ ዕቃው ዋጋ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የሚያስቸግረው ግን 112 በሁለቱም ሺቶች ላይ በዓይን እየታየ #N/A ሲመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንዱ 112 ቁጥር፣ ሌላው ደግሞ ጽሑፍ ሆኖ መቀመጡ ነው። ከሌላ ፕሮግራም ተገልብጦ የመጣ ዝርዝር ላይ ይህ በብዛት ይታያል። ኤክሴል ሁለቱን እንደ አንድ አይቆጥራቸውም። አሰላለፉ በእጅ ካልተቀየረ ቁጥር ሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ጽሑፍ ሆኖ የተቀመጠ ቁጥር ብዙ ጊዜ በሴሉ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ይኖረዋል። በባዶ ሴል ላይ እንዲህ ቢጻፍ ጥርጣሬው ይጠራል፦

```
=ISNUMBER(A2)
```

መልሱ በአንዱ ሺት TRUE፣ በሌላው FALSE ከሆነ ችግሩ ተገኝቷል። ጽሑፍ የሆነውን ዓምድ መርጦ ከData ትር Text to Columns ከፍቶ Finish ማለት ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። ኮዶቹ እንደ 007 በዜሮ የሚጀምሩ ከሆነ ግን ወደ ቁጥር መቀየር ዜሮውን ያጠፋዋል፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱንም ሺቶች ጽሑፍ ማድረግ ይሻላል።

ፍለጋው በስም ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከቃሉ መጨረሻ የተረሳ ክፍት ቦታ አይታይም፣ ግን ቃሉን ሌላ ቃል ያደርገዋል። LEN የፊደላቱን ቁጥር ስለሚናገር ትርፉን ያጋልጣል፤ TRIM ያስወግደዋል። በአማርኛ ስሞች ላይ ከዚህ የከፋው የሞክሼ ፊደላት ጣጣ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከመዘገበ ለአንባቢ ስሙ ያው ነው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ለዚህ TRIM አይረዳም። በስም ፈንታ በኮድ መፈለግ ይመረጣል።

የዶላር ምልክቶቹ የተጻፉት ፎርሙላው ወደ ታች ሲገለበጥ ክልሉ ከቦታው እንዳይንሸራተት ነው። ባይኖሩ ኖሮ C40 ላይ ሲደርስ ክልሉ A40:C238 ይሆን ነበር፤ ከ2ኛው እስከ 39ኛው ረድፍ ያሉት ኮዶችም ከፍለጋው ይወጣሉ። አንድ ኮድ ከላይ ባሉት ረድፎች ዋጋውን አግኝቶ ከታች #N/A ካመጣ በመጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ክልሉን በፎርሙላው ውስጥ መርጦ F4 መጫን ምልክቶቹን ያስገባል።

#REF! የሚመጣው ከክልሉ ስፋት ያለፈ ዓምድ ሲጠየቅ፣ ለምሳሌ በ3 ፈንታ 4 ሲጻፍ፣ ወይም የዋጋው ሺት ሲሰረዝ ነው።

ከሁሉም አደገኛው ስህተት ግን ምንም ምልክት አይሰጥም። FALSE ከተዘለለ ፎርሙላው ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድሯል ብሎ ያስባል፤ የተፈለገውን ሲያጣም ከእሱ የሚያንሰውን የቅርብ ኮድ ይወስዳል። ዝርዝሩ ውስጥ 105፣ 112፣ 120 እና 131 ብቻ ካሉ፣ 118 ሲፈለግ የ112 ዋጋ 85 ብር ይመጣል። ዝርዝሩ ካልተደረደረ የሚመጣው መልስ ከዚህም የባሰ ሊሆን ይችላል። በዋጋው ሺት በB እና በC መካከል አዲስ ዓምድ ሲገባም ተመሳሳይ ጥፋት ይደርሳል፤ ክልሉ ይሰፋል፣ 3 ግን 3 ሆኖ ይቀራልና ፎርሙላው ከዋጋው ፈንታ አዲሱን ዓምድ ያነባል።

በኤክሴል 2021 እና በማይክሮሶፍት 365 ያለው XLOOKUP እነዚህን ሁለቱን ያስቀራል፤ ራሱን የሆነውን ብቻ መፈለግ ልማዱ ነው፣ ዓምዱንም በቁጥር ሳይሆን በራሱ አድራሻ ይይዛል፦

```
=XLOOKUP(A2,'ዋጋ'!$A$2:$A$200,'ዋጋ'!$C$2:$C$200,"የለም")
```

መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ኮዱ ሲጠፋ በ#N/A ፈንታ ይወጣል። በVLOOKUP ይህን ሥራ IFNA ይሠራዋል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት IFERROR ግን #REF!ን ጭምር ስለሚሸፍን የተሰበረ ፎርሙላ ዕቃው የሌለ ያስመስለዋል።