ባለ 50 ሺው ፓወር ባንክ

ባለፈው ወር እህቴ አንድ ፎቶ ላከችልኝ፤ በቴሌግራም የሚሸጥ ፓወር ባንክ ነው። «ባለ 50 ሺህ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ልግዛው?» ትላለች። ፊቱ ላይ 50000mAh የሚል በትልልቁ ተጽፏል። «የጀርባውን ፎቶ ጠይቂው» አልኳት። ሻጩ ሳያቅማማ ላከ። ፎቶውን አሳድጌ ሳየው ከግርጌው በደቃቅ ፊደል 3.7V፣ 37Wh ይላል።

ነገሩ ያኔውኑ አለቀ። ሚሊአምፔር ሰዓቱን በቮልቱ አባዝተን ለ1000 ስናካፍለው ዋት ሰዓቱን እናገኛለን። 50,000 በዚህ ሒሳብ 185 ዋት ሰዓት መሆን ነበረበት። 37 የሚመጣው ከ10,000 ነው። የፊቱና የጀርባው ጽሑፍ አምስት እጥፍ ተለያይተዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳያሳስት። ደህናው ባለ 20,000 ፓወር ባንክም ጀርባው ላይ 12,000 ገደማ የሚል ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ያ ማጭበርበር አይደለም፤ የሴሉ 3.7 ቮልት ለስልክ ወደ 5 ቮልት ከፍ ሲደረግ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ጥቂቱም በሙቀት ይባክናል። እንዲያውም ይህን ቁጥር የሚጽፈው ይበልጥ ያስተማምነኛል።

አስመሳይ ግን ሒሳቡንም አስተካክሎ ሊያትም ይችላል። ያን ጊዜ ክብደቱን መጠየቅ ነው። በብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ የሚገኘው 18650 የሚባለው ሴል 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ምርጥ የሚባለው የሚይዘው ወደ 3,500 ነው። ስለዚህ 50,000 ለመድረስ 15 ያህል ሴል፣ ወደ 700 ግራም ያስፈልጋል። ሻጩ ሲጠየቅ «ኧረ ቀላል ነው እህቴ፣ ኪስሽ ውስጥ መኖሩንም አታውቂውም» አላት። እኔም የፈራሁት እሱን ነበር።

ሴሉ ለብቻው ሲሸጥ፣ ለምሳሌ ለእጅ ባትሪ፣ 9900 የሚል ካያችሁ በዚህ መጠን እንዲህ ያለ ሴል የለም። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ላስቲክ ልባሱ አዙሩ። የፋብሪካው ልባስ ገላውን አጥብቆ ይይዛል፤ ጫፉ ላይ ዙሪያውን እኩል ይታጠፋል፣ ጽሑፉም ጥርት ያለ ነው። እንደገና የለበሰው ጫፉ ላይ ይሸበሸባል፣ በአንድ ወገን ይረዝማል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል። «አዲስ» በተባለ ሴል ጫፍ ላይ ትንንሽ የብየዳ ነጠብጣቦች ከታዩ ደግሞ ከአሮጌ ላፕቶፕ ወይም ከሌላ ዕቃ ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ልባሱ ለውበት ብቻ አይደለም። የሴሉ ቆርቆሮ ገላ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ አናቱ ላይም ከፖዘቲቩ የሚለየው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። እዚያ ላይ ልባሱ ከተቀደደ አንድ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ሁለቱን ሊያገናኝና ሴሉን ሊያግለው፣ ሊያቃጥለውም ይችላል።

ፓወር ባንክ ግን ተዘግቶ ስለሚሸጥ ልባሱ በፎቶ አይታይም። ለእህቴ የቀራት ሚዛን ነበር፤ ሻጩ ዕቃውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ፎቶ እንዲልክላት ጠየቀችው። መልእክቱን አነበበው፤ ፎቶው ግን አልመጣም።