የሚዘል ቁጥር፣ የሚያጥር ክንድ

ለእናቴ የጫጩት ማስፈልፈያ ሳጥን ሠርቼላት ነበር። በውስጡ ማሞቂያ አምፖል፣ ትንሽ ማራገቢያ፣ አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ፣ ሙቀት የሚለካ ኤልኤም35 ሴንሰርና ሁሉን የሚመራ አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ አሉ። የዶሮ እንቁላል ለ21 ቀን 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። በመጀመሪያው ሌሊት ግን ሪሌው ቀጭ ቀጭ እያለ እንቅልፍ ነሳን። አምፖሉ በርቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ጠፍቶ ወዲያው ይበራል። ስክሪኑ አንዴ 37.1፣ አንዴ 39.6 ይላል። የሳጥን አየር ደግሞ በአንድ ሰከንድ ሁለት ዲግሪ ተኩል አይሞቅም።

ቁጥር ሲዘል ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ 50 ጊዜ ለክቼ አማካይ ወሰድኩ። ሪሌው ቀጭታውን አዘገየ እንጂ አላቆመም።

ምክንያቱ ከሴንሰሩ አልነበረም። ኤልኤም35 ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ለ37.5 ዲግሪ 375 ሚሊቮልት ማለት ነው። ቦርዱ ይህን የሚለካው ማመሳከሪያ ቮልቴጁን ለ1024 ደረጃ ከፍሎ፣ የመጣው ስንት ደረጃ እንደሞላ በመቁጠር ነው። ሌላ ካልታዘዘ በቀር ማመሳከሪያ የሚያደርገው ራሱ የሚሠራበትን 5 ቮልት ነው። አንዱ ደረጃ ወደ 4.9 ሚሊቮልት፣ ማለትም ግማሽ ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 375 ሚሊቮልት 76 ሆኖ ይነበባል፤ ኮዱም 37.1 ዲግሪ ብሎ ይተረጉመዋል።

ጨርቅ በክንድ ሲለካ ክንደ አጭር ሰው ለዚያው ጨርቅ ብዙ ክንድ ይቆጥራል። የእኔም ቦርድ ክንዱ ያጥር ነበር። አምፖሉ ሲበራ ሪሌውና ማራገቢያው ከዚያው የስልክ ቻርጀር፣ በዚያው ቀጭን ገመድ ኃይል ይስባሉ። መልቲሜትር ሳደርግበት 5 ቮልቱ 4.7 ደርሷል። ያው 375 ሚሊቮልት አሁን 81 ሆነ። ኮዱ ግን ክንዱ ማጠሩን ስለማያውቅ 39.6 ብሎ አምፖሉን አጠፋ፤ ሲጠፋ ቮልቴጁ ተመለሰ፣ ንባቡ 37.1 ሆነ፣ አምፖሉ እንደገና በራ። አማካይ የሚያረጋጋው ወዲህም ወዲያም እኩል የሚወዛወዘውን ነው፤ እንዲህ ያለውን ረብሻ በ16 ንባብ ወደ ሩብ ያወርደዋል። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስሕተት ግን ሺህ ጊዜ ቢለካም ያው ነው።

መፍትሔው የማያጥር ክንድ መስጠት ነው። በ`setup` ውስጥ `analogReference(INTERNAL);` ሲጻፍ ኡኖ በቺፑ ውስጥ ያለውን የ1.1 ቮልት ማመሳከሪያ ይጠቀማል፤ ይህ ቻርጀሩ ቢደክምም እምብዛም አይነቃነቅም። አንዱ ደረጃም ወደ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ይጠባል። በምትኩ ከ110 ዲግሪ በላይ አይለካም፤ ለእንቁላል ግን ይተርፋል። 1.1 የሚባለው ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ሊለያይ ስለሚችል AREF ከተባለው ቀዳዳ ላይ አንዴ በመልቲሜትር ይለካል። የእኔ 1.08 ነበር። በዚህ ጊዜ ከውጭ ወደ AREF ቮልቴጅ ማስገባት ቺፑን ሊጎዳው ይችላል። ከለውጡ በኋላ የሚመጡ ጥቂት ንባቦችም ይጣላሉ።

አማካይ ቦታውን የሚያገኘው አሁን ነው። የሴንሰሩ ሽቦ ከአምፖሉ የመብራት ሽቦ ጎን ስለሚሄድ የመብራቱን ሞገድ ይቀዳል። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሙሉ ዙሮችን ከለካን የላይኛው ግማሽና የታችኛው ግማሽ ይጣፋሉ፤ ዙሩን መሀል ላይ ከቆረጥን ትርፉ ይቀራል። አንድ ንባብ 0.11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳልና፣ በየመሀሉ 1 ሚሊሰከንድ እየጠበቅን 36 ጊዜ ስናነብ 40 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ዙር ይሞላል።

```
long s = 0;
for (int i = 0; i < 36; i++) {
  s += analogRead(A0);
  delay(1);
}
float c = s / 36.0 * 108.0 / 1024;
t = t + (c - t) / 8;
```

`108.0` የመጣው ከለካሁት 1.08 ቮልት ነው። ድምሩ `long` የሆነው ኡኖ ላይ `int` ከ32767 በላይ ስለማይዝ ነው፤ ካለፈ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል። የመጨረሻው መስመር ቀላል ማጣሪያ ነው። አዲሱን ንባብ እንዳለ አያምነውም፤ በየዙሩ የልዩነቱን አንድ ስምንተኛ ብቻ ይጠጋል። `t` ከመጀመሪያው ንባብ መነሳት አለበት፤ ከዜሮ ከተነሳ ሳጥኑ በረዶ የሆነ ይመስለዋል። ዋጋው መዘግየት ነው። በሰከንድ አንዴ ቢሠራ እውነተኛ ለውጥን ሁለት ሦስተኛውን ያህል ለመከተል 8 ሰከንድ ይፈጅበታል። ለእንቁላል ሳጥን ይህ ምንም አይደለም፤ ፈጥኖ ለሚለወጥ ነገር ግን አይሆንም።

የእርስዎም ቁጥር የሚዘል ከሆነ ኮዱን ከመንካትዎ በፊት ጥሬውን ንባብ ስክሪን ላይ ያውጡና ሪሌውን በእጅዎ ያብሩት፣ ያጥፉት። ቁጥሩ ሪሌው ሲበራ ከፍ ብሎ እዚያው ከቀረ፣ ሲጠፋም ከተመለሰ፣ መልቲሜትሩን 5 ቮልቱ ላይ ያድርጉ።